የዕድሜ ልዩነት በአንድ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ውስጥ፤ በተለመደው የትምህርት ዕቅድ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በገጠር ቀበሌ የሚከፈት የጎልማሶች የንባብና የጽሕፈት ክፍል በአብዛኛው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አስተማሪው አንድ፣ ጥቁር ሰሌዳው አንድ፣ የመማሪያ መጽሐፉም አንድ ነው። ተማሪዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የዐሥራ ስድስት ዓመት ወጣትና የሰባ ዓመት አዛውንት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረውና ኋላም በ15 ቋንቋዎች ትምህርት በተሰጠበት ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወቅት የታየው ይኸው ሁኔታ፣ ዛሬም በተቀናጀው ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ይታያል።

ሁኔታው የቆየ ቢሆንም፣ ለዚህ ዓይነቱ ክፍል የሚዘጋጀው የዕለት ትምህርት ዕቅድ ግን ክፍሉን መስሎ አልተዘጋጀም። በዚህም ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ላይ ትምህርቱን የሚያቋርጡት አዛውንት «እኔማ አርጅቻለሁ፤ አይገባኝም» ብለው ይወጣሉ፤ አስተማሪውም በመዝገቡ ላይ «ያቋረጡ» ብሎ ይጽፋቸዋል። እውነተኛው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ የመማር ችሎታ ማነስ ሳይሆን በዕቅዱ ውስጥ ሊታሰብ ሲገባው ያልታሰበ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ጽሑፍ በአሠራራችን ውስጥ ሥር የሰደዱ ሦስት ልማዶችን በየተራ ይመረምራል። እነርሱም ለሁሉም ተማሪ አንድ ተግባር የሚሰጠው ዕቅድ፣ ተማሪዎችን በዕድሜ የመከፋፈል ሐሳብ፣ እንዲሁም «ወጣቱ አዛውንቱን ያግዝ» የሚለው ምክር ናቸው። በመካከሉም አንድ የሁለት ሰዓት ትምህርት እንዴት ሊታቀድ እንደሚችል በምሳሌ ይቀርባል።

1. ባለ አንድ ዓምዱ ዕቅድ

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የሚሰጠው የዕለት ትምህርት ዕቅድ ቅጽ ለማንም መምህር እንግዳ አይደለም። ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪዎች ተግባር፣ የተመደበው ጊዜና ግምገማ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ቅጹ የተወሰደው በዕድሜም በቀድሞ ዕውቀትም ተቀራራቢ የሆኑ ሕፃናት ከሚማሩበት የመደበኛ ትምህርት ክፍል ነው። በዚያ ቦታ «የተማሪዎች ተግባር» የሚለው ዓምድ አንድ መሆኑ ብዙም አይጎዳም፤ ምክንያቱም የአንድ ክፍል ልጆች በአብዛኛው አንድ ሥራ በተቀራራቢ ጊዜ ሊሠሩ ይችላሉ።

ይኸው ቅጽ ወደ ጎልማሶች ክፍል ሲሸጋገር ግን አንድ ስውር ስሕተት ይዞ ይገባል። አስተማሪው በዚያ ዓምድ ውስጥ «ተማሪዎች ከሰሌዳው ላይ ይገለብጣሉ» ብሎ ሲጽፍ በሐሳቡ የሚያያቸው መካከለኛ ተማሪዎችን ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠው ወጣት ግን ግልባጩን በሦስት ደቂቃ ጨርሶ መስኮት መስኮቱን ያያል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁት እናት ደግሞ በዚያው ጊዜ አንድ ፊደል እንኳ ሳይጨርሱ ሰሌዳው ይጠፋል። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሙሉ ነው፤ ሁለቱ ተማሪዎች ግን በዚያ ምሽት ምንም አልተማሩም።

ልማዱን ይበልጥ የሚያከፋው የኅብረት ንባብ ነው። አስተማሪው በበትሩ እያመለከተ ያነባል፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ይከተላል። ድምፁ ደማቅ ስለሆነ ሁሉም የሚያነብ ይመስላል። በእርግጥ የሚያነቡት ግን ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሌሎቹ የጎረቤታቸውን ድምፅ ይከተላሉ። ይህን ለማረጋገጥ ውስብስብ ፈተና አያስፈልግም። በሰሌዳው ላይ ያሉትን አራት ዓረፍተ ነገሮች ቅደም ተከተል ለውጦ ጽፎ፣ የመጀመሪያውን ቃል ሳያሰሙ እንዲያነቡ ማድረግ ይበቃል። ድምፁ ወዲያው ቢሳሳ፣ ቀድሞ የተሰማው ንባብ ሳይሆን ቃል በቃል የተሸመደደ ነገር እንደነበረ ይታወቃል።

ስለዚህ መስተካከል ያለበት የመጀመሪያው ነገር ቅጹ ነው። ርእሱ አንድ ይሁን፤ «የተማሪዎች ተግባር» የሚለው ዓምድ ግን ለሦስት ይከፈል። አስተማሪው ሦስት ባዶ ቦታ በፊቱ ሲያይ ሦስቱንም ለመሙላት ይገደዳል፤ ባዶ የቀረው ቦታም በዚያ ምሽት ሥራ ፈትቶ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ያሳየዋል።

2. ዕድሜ የሚለየውና የማይለየው

ክፍሉ የተለያየ ዕድሜ ካላቸው ሰዎች የተውጣጣ ከሆነ መፍትሔው በዕድሜ መከፋፈል ነው የሚል አስተያየት በየስብሰባው ይሰማል። ሐሳቡ ለጊዜው ትክክል ይመስላል። ሆኖም ዕድሜ በእርግጥ የሚለየው ምን እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ዕድሜ በማያጠራጥር ሁኔታ የሚለየው ዓይንን ነው። ከአርባ ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ በቅርብ ያለ ነገር መደብዘዝ ይጀምራል። ይህ በሽታ ሳይሆን በማንኛውም ሰው ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። ለፊደላችን ግን የተለየ ትርጉም አለው። የአማርኛ ፊደል ሆሄያት የሚለያዩት ብዙ ጊዜ በጣም ትንሽ በሆነ ቅጥል ነው። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው በእግሩ ጫፍ ላይ ያለው ነገር ጭረት ወይም ቀለበት መሆኑ ብቻ ነው፤ «ሲ»ና «ሴ»፣ «ሚ»ና «ሜ»ም እንደዚሁ ናቸው። በመጽሐፍ ፊደል መጠን ሲታተም ይህች ልዩነት ከስንዴ ቅንጣት ታንሳለች። መነጽር የሌላቸው የስድሳ ዓመት ተማሪ ሣልሱን ኃምስ፣ ኃምሱን ሣልስ አድርገው ቢያነቡ፣ አስተማሪው «አሁንም አልያዙትም» ብሎ ቢደመድም የሚገርም አይሆንም። ነገር ግን ድምዳሜው ስሕተት ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ የሚከተለው ቀላል ዘዴ አለ። ተማሪው በመጽሐፉ ላይ የሳቱትን ቃል፣ ቁመቱ ከመሐል ጣት ርዝመት በማያንስ ፊደል በሰሌዳ ላይ መጻፍና እንዲያነቡት መጠየቅ ነው። በሰሌዳው ላይ በትክክል ካነበቡት ችግሩ የቅርብ ዕይታ እንጂ የፊደል ዕውቀት አይደለም። መጽሐፉን ከዓይን አርቆ በተዘረጋ ክንድ መያዝም ሌላው ምልክት ነው። በሰሌዳውም በመጽሐፉም ላይ የሚስቱ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ አንድም ፊደሉን አላወቁትም፣ ወይም የሞራ ግርዶሽን የመሰለ ሕክምና የሚያስፈልገው ችግር አለባቸው። ይህን ለመለየት ፊደሉን በጣት በመዳፋቸው ላይ ጽፎ መጠየቅ ይረዳል። በመዳፋቸው ላይ የሚለዩትን በሰሌዳ ላይ የማይለዩ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለባቸው። የቅርብ ዕይታ ብቻ የደከመባቸው ደግሞ ተራ የማንበቢያ መነጽር እስኪያገኙ ድረስ በእጅ የተጻፈ ትልቅ የፊደል ካርቶን ይሰጣቸው፤ መቀመጫቸውም ከመብራቱ ወይም ከመስኮቱ አጠገብ ይሁን። አዛውንቶችን ለክብራቸው ተብሎ ግድግዳ ተደግፈው ከኋላ እንዲቀመጡ ማድረግ በመልካም አሳብ የሚፈጸም ጉዳት ነው።

ከዓይን አልፈን ወደ ዕውቀት ስንመጣ ግን ዕድሜ ጥሩ መለያ ሆኖ አይገኝም። በአንድ በኩል ፊደል የማያውቁ አዛውንት አሉ፤ በሌላ በኩል በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት የደገሙ አዛውንት አሉ። ከነዚህ ከኋለኞቹ መካከልም ማንበብ የሚችሉ፣ መጻፍ ግን ያልተማሩ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም በጥንቱ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ከንባብ ተነጥሎ የሚያዝ ሙያ ነበር። ሌሎች ደግሞ «ሀ ሁ ሂ»ን እንደ መዝሙር ይወርዱታል፤ ከመካከል አንዱን ፊደል ብቻውን ቢያሳዩዋቸው ግን አይለዩትም። ጥንታውያን መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። «አቡጊዳ» የፊደሉን ቤትና ቅደም ተከተል የሚያዛባው ተማሪው በዜማ ሳይሆን በዓይኑ መለየቱ እንዲፈተን ነው። እኛም በመጀመሪያው ምሽት ተማሪን ስንመዝን ፊደል በተራ ማስቆጠር የለብንም።

በሒሳብም በኩል እንዲሁ ነው። ገበያ ውላ የምትገባ እናት የሦስት ዓይነት ዕቃ ዋጋ ደምራ መልሱን በቃሏ ትሰጣለች፤ አኀዙን ግን አትጽፍም። ወጣቱ በአንጻሩ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኀዞች ከስልክ ቁልፍ ላይ ለይቷል፤ የመደመር ፍጥነቱ ግን ከእናቲቱ ያንሳል። ስለዚህ በንባብ አንድ ቡድን ውስጥ የተመደበ ሰው በሒሳብ ሌላ ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ዕድሜ ስለ መቀመጫ፣ ስለ ፊደል መጠንና ስለ አክብሮት አጠራር ሊወስን የሚገባው መሆኑን ነው። ስለሚሰጠው ትምህርት ግን መወሰን የለበትም።

3. አንድ ክፍል በምሳሌ፤ «ገበያ»

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ 21 ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል እንውሰድ። ስድስቱ ከሃያ ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች፣ ዘጠኙ ጎልማሶች፣ ስድስቱ ደግሞ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆኑ አዛውንቶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች አስተማሪው እያንዳንዱን ተማሪ ለአምስት ደቂቃ ያህል ከሌሎች ገለል አድርጎ ይመዝናል። መመዘኛውም ሦስት ነገር ብቻ ነው። ተማሪው ከሦስት ስሞች መካከል የራሱን ስም ይለያል? በዘፈቀደ የተዘረጉ ስድስት ፊደላትን ይለያል? አምስት ቃላት ያሉትን ዓረፍተ ነገር ያነባል? ጥያቄዎቹ በቅድሚያ በትልቅ ካርቶን፣ ቀጥሎም በመጽሐፍ ፊደል መጠን ይቀርባሉ፤ በዚህም የዓይኑ ጉዳይ አብሮ ይታወቃል።

ውጤቱ እንደሚከተለው ሆነ እንበል። ፊደል ያልለዩት ስምንት ሲሆኑ ከነርሱ ሦስቱ አዛውንት፣ ሦስቱ ጎልማሳ፣ ሁለቱ ወጣት ናቸው። ፊደል ለይተው ቃልን በፊደል በፊደሉ እየቆረጡ የሚያነቡት ስምንት ሲሆኑ አንዱ አዛውንት፣ አምስቱ ጎልማሳ፣ ሁለቱ ወጣት ናቸው። በዝግታ ዓረፍተ ነገር የሚያነቡት አምስቱ ደግሞ ሁለት ዳዊት የደገሙ አዛውንት፣ አንዲት ጎልማሳና ከአራተኛ ክፍል ያቋረጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ይህን ክፍል በዕድሜ ብንከፋፍለው ኖሮ ዳዊት የደገሙት አዛውንት «ገ»ን ከ«በ» ካልለዩት አዛውንት ጋር ይቀመጡ ነበር።

ለሦስቱም ቡድን አንድ ርእስ ይመረጣል፤ ይኸውም «ገበያ» ነው። ትምህርትን ከተማሪው ኑሮ በተወሰደ አንድ ቃል መጀመር ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያስታወቀው ዘዴ ነው። እርሱ ቃሉን ወደ ክፍለ ቃላት ሰብሮ፣ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል የአናባቢ ቤተሰቡን ያበጅለት ነበር። ለፊደላችን ይህ ድካም አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ፊደል ራሱ ክፍለ ቃል ነው፤ ቤተሰቡም ሰባቱ ሆሄያት ናቸው። «ገበያ» ሲሰበር «ገ»፣ «በ»፣ «ያ» ይሆናል፤ ከነዚህ ሦስት ቤተሰቦችም በርካታ የታወቁ ቃላት ይወጣሉ።

የሁለቱ ሰዓት አከፋፈል ይህን ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የጋራ ናቸው። ስለ ገበያ ውይይት ይደረጋል፤ ምን ተወደደ፣ ሚዛን እንዴት ይታያል፣ ቀድሞ ገበያ የሚቆመው የት ነበር የሚሉት ነገሮች ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ ፊደል ማወቅ ብልጫ አይሰጥም፤ ዕድሜ ግን ይሰጣል። ቀጥሎ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቃሉ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይነበባል፤ ይሰበራል፤ ለየቡድኑም ሥራ ይታደላል።

ቀጣዮቹ 30 ደቂቃዎች አስተማሪው ከመጀመሪያው ቡድን ጋር የሚሆንበት ነው። «ገ»፣ «በ»፣ «ያ» በሦስት ካርቶን ተጽፈው ተማሪዎቹ ያጋጥሟቸዋል፤ ያፈርሷቸዋል፤ እንደገናም ያጋጥሟቸዋል። ከዚያ አንድ አዲስ ፊደል ብቻ ይጨመራል፤ እርሱም «ባ» ነው። አሁን «ገባ» የሚለው ቃል ተገኘ፤ «ገበያ ገባ» የሚለውም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተነበበ። ፊደል ይዘው የማያውቁ ሰዎች በአንድ ምሽት አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር አንብበው ወጡ ማለት ነው። አስተማሪው ሰባቱንም የ«በ» ሆሄያት በዚያው ምሽት ለማስተማር ቢመኝ ግን ትርፉ ሽምደዳ ይሆናል።

በዚያው ጊዜ ሁለተኛው ቡድን «ገቢ»፣ «ግቢ»፣ «ጋቢ» በሚሉ ቃላት ላይ ይሠራል። ሦስቱም ማንም ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፤ የሚለያዩትም በመጀመሪያው ፊደል ሆሄ ብቻ ነው። ቃሉ በካርቶኑ ፊት፣ ሥዕሉም በጀርባው ይሆናል፤ ይኸውም ገንዘብ፣ አጥር ያለው ግቢና ጋቢ የለበሰ ሰው ማለት ነው። ጥንድ ሆነው የተቀመጡት ተማሪዎች አንብበው ካርቶኑን ይገለብጣሉ፤ ሥዕሉም መልሱን ይነግራቸዋል። ያለ አስተማሪ የሚሠራ ቡድን የሚሰጠው ሥራ ሁልጊዜ እንደዚህ ራሱን በራሱ የሚያርም መሆን አለበት። አለበለዚያ ስሕተቱን ለግማሽ ሰዓት ሲለማመድ ይቆያል፤ ይህም ሥራ ከመፍታት የባሰ ነው።

ቀጥለው ያሉት 25 ደቂቃዎች ለሁለተኛው ቡድን ናቸው። አስተማሪው ሦስቱን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ያቀርባል፤ ተማሪዎቹም ያንኑ መስመር ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው ያነባሉ። ድግግሞሹ አስፈላጊ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፊደል በፊደል እየቆረጠ የሚያነብ ሰው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳል፤ ስለዚህ ድምፁን አውጥቶ ሳለ ትርጉሙን አያገኝም። «ግቢ»ን «ገቢ» ብሎ የሚያነበውንም አስተማሪው እዚህ ላይ ያገኘዋል፤ ይህ ተማሪ ሆሄውን ሳያይ በቃሉ መልክ ይገምታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ቡድን ካርቶኖቹን ያጋጥማል፤ «ገባ»ንም በደብተሩ ላይ ይጽፋል።

ሦስተኛው ቡድን ከመጀመሪያው አንሥቶ የያዘው ሥራ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህም በመጨረሻ ላይ 15 ደቂቃ የአስተማሪ ጊዜ ይበቃዋል። የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች እንደገና የጋራ ይሆናሉ፤ ለሒሳብም ይውላሉ። የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ 80 ብር ቢሆን የሦስት ኪሎው ስንት ይመጣል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ነጋዴዋ እናት 240 ብር ብለው በቃላቸው ይመልሳሉ፤ ወጣቱም አኀዙን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ከዚያም ይጽፍ የነበረው ወጣት በቃሉ እንዲያሰላ፣ በቃላቸው ያሰሉት እናት ደግሞ አኀዙን እንዲጽፉ ይደረጋል።

4. ወጣቱ አዛውንቱን ሲያግዝ

ፈጣኑን ወጣት ከዘገምተኛው አዛውንት ጎን አስቀምጦ «አግዛቸው» ማለት ከሁሉ የቀለለ ምክር ነው። በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ወጣቱ ያነባል፤ አዛውንቱ ከአፉ ተቀብለው ይደግማሉ። እርሱ የሚያውቀውን ነገር ሲደጋግም፣ እርሳቸው የማያውቁትን ሳያዩት ያልፋሉ። ከዚህም በላይ በአገራችን ባህል የልጅ ልጅ የሚሆን ወጣት ሽማግሌን በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ማለት ለሁለቱም አሳፋሪ ነው። ወጣቱ ሳያርም ያልፋል፤ ወይም አርሞ ያስቀይማል። በሁለቱም መንገድ ትምህርቱ ይጎዳል።

ልማዱን ግን ፈጽሞ መጣል አይገባም፤ መገልበጥ እንጂ። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የመጀመሪያው ቡድን አባል የሆኑ አንድ አዛውንት፣ የራሳቸው ቡድን በካርቶን በሚሠራበት ጊዜ ለዐሥር ደቂቃ ወደ ሦስተኛው ቡድን ይሄዳሉ። በልጅነታቸው ገበያ እንዴት ይቆም እንደነበረ፣ ጨውና እህል እንዴት ይለወጥ እንደነበረ ይናገራሉ። ወጣቱ ቃላቸውን ሳይለውጥ ይጽፋል። ዳዊት የደገሙት አዛውንት ደግሞ የተጻፈውን አንብበው ያርሙታል፤ «ሐ»ንና «ሀ»ን፣ «ሠ»ንና «ሰ»ን በየቦታቸው በማስገባት ወጣቶቹን ይበልጣሉና። በሚቀጥለው ትምህርት ሁለተኛው ቡድን ያንን ጽሑፍ ያነባል፤ ተናጋሪውም እየሰሙ «እንደዚያ አላልኩም» ወይም «ልክ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ወጣቱ ጸሐፊ፣ አዛውንቱ ባለ ነገር ናቸው። ማንም ማንንም አላሳፈረም፤ ሁሉም ግን ፊደል ነክቷል።

ይህ አሠራር የሚበላሽበት አንድ ነገር አለ፤ ወጣቱ የአዛውንቱን ንግግር «አሳምሮ» በትምህርት ቤት ቋንቋ ሲጽፈው ነው። ያን ጊዜ ተናጋሪው ቃላቸውን በጽሑፉ ውስጥ አያገኙትም። ስለዚህ የአካባቢው አነጋገር እንዳለ መጻፍ አለበት።

ጥንድ ሲመሠረትም ዝምድና መታወቅ ይኖርበታል። በአንዳንድ አካባቢ ምራት በአማቷ ፊት ድምፅ ከፍ አድርጋ አትናገርም። እንዲህ ያለች ተማሪ ከአማቷ ጋር በአንድ ቡድን ውስጥ ተመድባ «ጮክ ብለሽ አንብቢ» ብትባል ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም አለማወቅ ተብሎ ይመዘገባል። ከሌላ ሴት ጋር ጥንድ ሆና በዝግታ እንድታነብ ቢደረግ ግን እውነተኛ ደረጃዋ ይታወቃል። አስተማሪው ራሱ ብዙ ጊዜ ወጣት ስለሚሆን በዕድሜ የሚበልጡትን «እርስዎ» ብሎ መጥራቱ፣ ስሕተትንም በሰሌዳው ላይ ባለው ቃል እንጂ በሰውየው ላይ አለማመልከቱ የዕቅዱ አካል ነው።

5. የዕቅዱ ወሰን

ከዚህ በላይ የቀረበው አሠራር ወሰን አለው። በመጀመሪያ፣ አንድ አስተማሪ ከሦስት በላይ ቡድን ሊመራ አይችልም፤ አራተኛው ቡድን ሲጨመር ለእያንዳንዱ ቡድን የሚደርሰው የአስተማሪ ጊዜ በጣም ያንሳል። የተማሪው ቁጥር ከ30 ካለፈም ክፍሉን በሰዓት ለሁለት መክፈል ይሻላል እንጂ ዕቅዱን ማጥበቅ አይረዳም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ካርቶኖቹን ለማዘጋጀት ጊዜ ያስፈልጋል። ይህ ጊዜ በአስተማሪው የሥራ ሰዓት ውስጥ ካልታሰበለት በሁለተኛው ሳምንት ላይ ካርቶኑ ይቀራል፤ የኅብረት ንባቡም ይመለሳል። በክትትል የሚሄዱ ባለሙያዎች ቅጹ መሞላቱን ብቻ ሳይሆን ካርቶኖቹ በእጅ መበከላቸውንም ቢያዩ መልካም ነው።

ሦስተኛው ወሰን መቅረት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ አለ፤ በሰኔ ዘር አለ። ወጣቱ ለቀን ሥራ ይሄዳል፤ እናቲቱ በገበያ ቀን ትቀራለች፤ አዛውንቱ ለቅሶና ሽምግልና ይጠሯቸዋል። ትምህርቱ በገጽ ቁጥር የሚጓዝ ከሆነ ሁለት ቀን የቀረ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ባይተዋር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምሽት በራሱ የተሟላ መሆን አለበት፤ አንድ ቃል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይበቃዋል። መዝገቡም «ገጽ 14 ደርሷል» የሚል ሳይሆን ተማሪው የለያቸው የፊደል ቤተሰቦች ምልክት የሚደረግባቸው አንድ ሉህ ቢሆን፣ የተመለሰው ተማሪ ከየት እንደሚጀምር ወዲያው ይታወቃል። ቡድኑም በየአራት ሳምንቱ እንደገና መታየት ይገባዋል፤ ካልታየ የመጀመሪያው ምሽት ምደባ ወደ ማዕረግነት ይለወጣል።

ማጠቃለያ

በጎልማሶች ክፍል ውስጥ ያለው የዕድሜ ልዩነት ራሱ የትምህርቱ እንቅፋት አይደለም። እንቅፋት የሚሆነው ዕቅዱ ልዩነቱን ሳያይ ሲቀር፣ ወይም ዕድሜን ባልሆነ ቦታ መለያ ሲያደርገው ነው። ለመብራት፣ ለፊደል መጠን፣ ለመቀመጫና ለአጠራር ዕድሜ ይታይ፤ ለቡድን ምደባ ተማሪው በዓይኑ የለየው ፊደል ይታይ፤ ለርእስ ደግሞ ሁሉም በእኩል የሚያውቁት ነገር ይመረጥ።

የዕቅድ ቅጾችን ለሚያዘጋጁ ባለሥልጣኖችና ለማሠልጠኛ ተቋማት የሚቀርበው አሳብ ሁለት ነው። አንደኛው የተማሪዎችን ተግባር ዓምድ ለሦስት መክፈል ነው። ሁለተኛው በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ከሰሌዳ ያነባሉ? ከመጽሐፍ ያነባሉ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎችን መጨመር ነው። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው አንድ ጠመኔና አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። «አይገባኝም» ብለው ከሚወጡት አዛውንቶች መካከል ያልገባቸው የትኞቹ፣ ያልታያቸውስ የትኞቹ እንደሆኑ የሚታወቀው ግን በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።